ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ሲደርቅ፦ በስማርት ሶኬት አጥፍቶ ማብራትና የዲስኩ አደጋ

አዳማ በሚገኝ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጓዳ ውስጥ ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፒውተር አለ እንበል። ኡቡንቱ ተጭኖበታል። የሽያጭ ሂሳቡ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ አነስተኛ ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጣል፤ የካሜራ ቅጂው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ላይ። ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ግን አዲስ አበባ ነዎት። አንድ ምሽት ማሽኑ ስታክ አድርጎ ትእዛዝ አልቀበልም ይላል። መደብሩ ተዘግቷል፣ ቁልፉን የሚጫንልዎ ሰው የለም።

ስማርት ሶኬት የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ምሽት ነው። ውስጡ በዋይፋይ የሚታዘዝ ሪሌይ አለ፤ ከስልክዎ ሲያዙት መብራቱን ይቆርጣል፣ መልሶም ይሰጣል። ለኮምፒውተሩ ግን ይህ ድንገት መብራት ከመጥፋቱ የተለየ አይደለም፤ ዲስኩ መጻፍ የጀመረውን ሳይጨርስ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ሶኬቱ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከእሱ በፊት መሠራት ያለበትን፣ ከእሱም በኋላ መታየት ያለበትን በቅደም ተከተል እነሆ።

1. አስቀድመው ያዘጋጁ

ይህ ክፍል ማሽኑ አጠገብ ሆነው የሚሠሩት ነው። ከተዘለለ ሶኬቱ ማጥፋት እንጂ ማስነሳት አይችልም።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ባዮስ ይክፈቱ። አብዛኞቹ ማሽኖች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቃሉ። `Restore on AC Power Loss` ወይም `After Power Failure` የሚለውን ፈልገው `Power On` ላይ ያድርጉት። `Last State` የሚለው አማራጭ ይበቃል ብለው እንዳይተዉት፤ ማሽኑ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ መብራት ቢቆርጡበት «የመጨረሻ ሁኔታዬ መዘጋት ነበር» ብሎ ሳይነሳ ይቀራል። `ErP` የሚባል ኃይል ቆጣቢ ምርጫ ካለም ያጥፉት፤ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ይህ ምርጫ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል።

ቀጥሎ የሶኬቱ ቦታ። ዩፒኤስ ካለ ሶኬቱ በዩፒኤሱና በኮምፒውተሩ መካከል ይግባ። ከዩፒኤሱ በፊት ግድግዳው ላይ ከተሰካ እርስዎ «አጥፋ» ሲሉ ዩፒኤሱ በባትሪው ይቀጥላል፣ የደረቀው ማሽንም እንደደረቀ ይቆያል። ላፕቶፕም በራሱ ባትሪ ምክንያት በዚህ መንገድ አይጠፋም። ራውተሩን ግን በፍጹም ከዚህ ሶኬት ጀርባ አያድርጉት፤ ሶኬቱ ራውተሩን ካጠፋ «አብራ» የሚለው ትእዛዝዎ የሚገባበት በር የለም። በተመሳሳይ ምክንያት ወደ መደብሩ ኔትወርክ የሚገቡበት ቪፒኤን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ፣ እሱ ሲደርቅ ሶኬቱንም ያጡታል። ሶኬቱ ራሱ ወደ አምራቹ አገልግሎት ተገናኝቶ በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ዝግጅት ሶኬቱ ራሱ መልሶ እንዲያበራ ማድረግ ነው። ብዙ ሶኬቶች ከጠፉ በኋላ በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ ራሳቸው እንዲበሩ የሚያደርግ ቆጣሪ አላቸው። 20 ሰከንድ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ በመሃል ቢቋረጥ እንኳ ማብራቱ ሶኬቱ ውስጥ የተቀመጠ ሥራ ነው፤ የእርስዎን ሁለተኛ ትእዛዝ አይጠብቅም። ሁለተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡ የሸሊ ሶኬቶችን በዚያው ኔትወርክ ካለ ሌላ መሣሪያ የሚያዙ ከሆነ አንዱ ትእዛዝ ሁለቱንም ይሠራል፦

```
curl "http://192.168.1.50/rpc/Switch.Set?id=0&on=false&toggle_after=20"
```

ከዚሁ ጋር፣ ከተማው መብራት አጥቶ ሲመለስ ሶኬቱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚነሳ ይወስኑ። «በርቶ ይነሳ» የሚለውን ይምረጡ። አለበለዚያ አንድ የመብራት መጥፋት ብቻ ማሽኑን እስከ ቀጣዩ ጉዞዎ ድረስ ዘግቶት ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻ ሁለት ነገሮች ከኮምፒውተሩ በኩል። የካሜራው ሃርድ ዲስክ በ`/etc/fstab` ፋይል ውስጥ `nofail` የሚል ምርጫ ይኑረው። ይህ ከሌለ ያ ዲስክ አልነሳም ሲል መላው ማሽን በድንገተኛ ሁኔታ ስክሪን ላይ ቆሞ ይቀራል፣ በኤስኤስኤችም አይገቡም። የሲስተሙ ዲስክ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ ያንን ቃል የሚጽፍለት ሰው ይጠብቃል፤ ከሩቅ የሚከፈትበትን መንገድ አስቀድመው ካላበጁ ሶኬቱ አይጠቅምዎትም።

ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ይዝጉትና እዚያው ቆመው በስልክዎ ሶኬቱን ያጥፉት። በራሱ ካልበራና ማሽኑ ሳይነካ ካልተነሳ ዝግጅቱ አላለቀም።

2. ደርቋል ወይስ መስመሩ ነው?

«አይመልስም» ማለት «ደርቋል» ማለት አይደለም። የመደብሩ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ጤነኛ ማሽን ላይ መብራት ሊቆርጡበት ነው። ቀላሉ መለያ ሶኬቱ ራሱ ነው፤ ሶኬቱ በመተግበሪያው ላይ በርቶና ተገናኝቶ ከታየ ራውተሩም ኢንተርኔቱም ደኅና ናቸው።

ሶኬቱ የኃይል መለኪያ ካለው ዋቱን ይመልከቱ። ከ1 እስከ 3 ዋት ብቻ ካሳየ ማሽኑ አልደረቀም፤ ጠፍቷል ወይም ተኝቷል። የአዳማው ማሽን ዘወትር ሥራ ሲፈታ 28 ዋት ገደማ የሚስብ ከሆነ፣ አሁን ግን 41 ላይ ቆሞ ካልተንቀሳቀሰ፣ ውስጡ በሆነ ነገር ተጠምዷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ለዚህ ነው ማሽኑ በጤናው ቀን ስንት ዋት እንደሚስብ አስቀድሞ መመዝገብ የሚጠቅመው።

ከዚያ ወደ ኔትወርኩ መግቢያ ካለዎት `ping` ይላኩ፣ ኤስኤስኤችም ይሞክሩ። ለ`ping` የሚመልሰው ከርነሉ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ተጣብቀው ሳለ እሱ ሊመልስ ይችላል። `Connection refused` ካለ ማሽኑ ሕያው ነው፣ የተኛው የኤስኤስኤች አገልግሎቱ ብቻ ነው። `ping` እየተመለሰ ኤስኤስኤች ግንኙነቱን ከፍቶ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ከቀረ፣ ብዙውን ጊዜ ሜሞሪው ሞልቶ ወይም ዲስኩ መልስ አልሰጥ ብሎ ነው። `ping`ም ኤስኤስኤችም ዝም ካሉ፣ ሶኬቱ ግን ከተገናኘ፣ ከርነሉ ራሱ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

3. ይጠብቁ፤ መጠበቅ ዳታ አያሳጣም

እጅ ወደ ማጥፊያው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ግን አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ዳታው በቀጥታ ዲስክ ላይ አይወርድም። መጀመሪያ ሜሞሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ሊኑክስ ባለበት ነባሪ ቅንብር 30 ሰከንድ ያለፈውን ዳታ እያየ፣ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ ወደ ዲስክ ያወርዳል።

ከዚህ የሚከተለውን ያስተውሉ። ከርነሉ ሕያው ሆኖ የዘገየ ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ የሚጠብቁት ደቂቃ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ወደ ዲስክ ለማውረድ ዕድል ይሰጠዋል። ከርነሉ ፈጽሞ ከሞተ ደግሞ ሜሞሪ ላይ የነበረው የጠፋው በሞተባት ቅጽበት ነው፤ እርስዎ አሁን ቢቆርጡትም ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢቆርጡትም ኪሳራው ያው ነው። በሁለቱም መንገድ መጠበቅ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው። ዲስኩም የራሱ ጊዜያዊ ማከማቻ ስላለው፣ ትእዛዝ ሲቆምለት የያዘውን ይጽፍና ያርፋል።

ስለዚህ 15 ደቂቃ ይስጡት። ሜሞሪ አልቆበት የተጣበቀ ማሽን በዚህ ጊዜ ውስጥ ትልቁን ፕሮግራም ገድሎ ራሱን ነጻ የሚያወጣበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

4. ከሶኬቱ በፊት ያሉት ለስላሳ መንገዶች

በኤስኤስኤች መግባት ከቻሉ፣ በብዙ ድካምም ቢሆን፣ ሶኬቱን ይተዉት።

```
sudo sync
sudo systemctl reboot
```

የመጀመሪያው ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ሁለተኛው በሥርዓት ዳግም ያስነሳል። `sync` በሁለት ደቂቃ ካልተመለሰ ዲስኩ ራሱ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ በሌላ መስኮት ገብተው ወደሚከተለው ይለፉ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ፕሮግራሞቹን አልፈው ከርነሉን በቀጥታ ያዙታል። በየመካከላቸው ጥቂት ሰከንድ ይስጡ።

```
echo s | sudo tee /proc/sysrq-trigger
echo u | sudo tee /proc/sysrq-trigger
echo b | sudo tee /proc/sysrq-trigger
```

`s` ዳታውን ያወርዳል፣ `u` የፋይል ሲስተሞቹን ለንባብ ብቻ ያደርጋቸዋል፣ `b` ወዲያው ዳግም ያስነሳል። የመጨረሻው ጨካኝ ቢመስልም ከሶኬቱ ይሻላል፤ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ዲስኩ ኃይል አላጣምና በራሱ ማከማቻ የያዘውን ጽፎ ይጨርሳል።

5. ሲቆርጡ ዲስኩ ላይ የሚሆነው

ሁሉም ካልሠራ መቁረጥ ይቀራል። ከመቁረጥዎ በፊት ምን ሊጠፋ እንደሚችል ይወቁ፤ ኋላ የሚፈትሹትም ያንኑ ነው።

በፋይል ሲስተሙ በኩል፣ ኡቡንቱ የሚጠቀመው ኤክስት4 ጆርናል አለው። ጥንቁቅ ባለሱቅ ዕቃውን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ከማዛወሩ በፊት ደብተሩ ላይ እንደሚጽፍ፣ ኤክስት4 የመዋቅር ለውጦችን አስቀድሞ ጆርናሉ ላይ ይመዘግባል። መብራት ተቆርጦ ሲነሳ ያንን አንብቦ የተጀመረውን ይጨርሳል፣ ያልተሟላውን ይጥላል። ነገር ግን ይህ የሚጠብቀው መዋቅሩን ነው፤ የፋይሉን ይዘት አይደለም። በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ የተጻፈ ፋይል ባዶ ሆኖ ወይም የድሮ ይዘቱን ይዞ ሊገኝ ይችላል። የመደብሩ ሂሳብ ከዚህ የሚድነው ፖስትግሬስ ሽያጩ «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት ዲስኩን «በእውነት ጻፍክ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ዲስኩ በታማኝነት ከመለሰ የጸደቀ ሽያጭ አይጠፋም። የካሜራው ቅጂ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይበላሻሉ።

በሃርድ ዲስክ በኩል፣ ኃይል ሲቋረጥ የሚሽከረከረው ሳህን እንደ ትንሽ ጄኔሬተር ሆኖ የማንበቢያውን ክንድ ወደ ማረፊያው የሚመልስ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ አንድ መቁረጥ ሳህኑን አይቧጭረውም። አደጋው በጽሕፈት መሃል የተቆረጠ ሴክተር ሳይነበብ መቅረቱ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ አስቀድሞ የታመመ ዲስክ ነው፤ ሲሽከረከር የሚሠራ ዲስክ አንዴ ከቆመ ላይነሳ ይችላል።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከመብራት መቁረጥ የተጠበቀ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ኤስኤስዲ እያንዳንዱ ዳታ በየትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ይይዛል፤ ምንም ትእዛዝ ባይኖረውም በውስጡ ዳታ ያዛውራል። ኃይል በዚያ መሃል ሲቋረጥ ካርታው ሊበላሽ፣ ዱሮ የተጻፈ ዳታም ሊጎዳ ይችላል። በ2013 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የኤችፒ ላብስ ተመራማሪዎች 15 ኤስኤስዲዎችን ኃይል እየቆረጡ ሲፈትኑ 13ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ብልሽት አሳይተዋል። ለሰርቨር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ለዚህ የሚሆን ትንሽ የኃይል ማጠራቀሚያ በውስጣቸው አላቸው፤ ለቤት የሚሸጡት በአብዛኛው የላቸውም። ከሁሉ ደካማው እንደ ራስቤሪ ፓይ ያሉ ትንንሽ ማሽኖች የሚነሱበት የሜሞሪ ካርድ ነው።

6. መቁረጥ

አሁን በመተግበሪያው ላይ «አጥፋ» ይጫኑ፣ ከዚያም እጅዎን ያንሱ። 20 ሰከንዱ በከንቱ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ፣ ሃርድ ዲስኩም እስኪረጋጋ ነው። አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ቦርዱ መብራት መጥፋቱን ላያውቅ፣ ዲስኩ ግን ተንቀጥቅጦ ሊነሳ ይችላል።

በጠፋበት ጊዜ የዋቱ ቁጥር ዜሮ መሆኑን ይዩ። «ጠፍቷል» እያለ ዋት ካሳየ የሪሌዩ ብረት ተጣብቋል፤ ሶኬቱ ከእንግዲህ አይቆርጥም፣ መቀየር አለበት።

ሲበራ ቁጥሩን ይከተሉ። ወደ 40 ወጥቶ ከፍ ዝቅ ካለ ማሽኑ እየተነሳ ነው። ከ1 እስከ 3 ዋት ላይ ከቀረ ባዮሱ አላነሳውም። ቁጥሩ እየተንቀሳቀሰ ኤስኤስኤች ካልመለሰ ግን ምናልባት የፋይል ሲስተም ፍተሻ ላይ ነው፤ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ይህ ረጅም ደቂቃዎች ይወስዳል። ደግመው አይቁረጡ። ጆርናል ማንበብ ቢቋረጥ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ጥገና ላይ ያለ ፍተሻ ቢቋረጥ ግን የመጀመሪያው መቁረጥ ያላበላሸውን ሊያበላሽ ይችላል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልተነሳ ነገ ጠዋት መደብሩን የሚከፍተው ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ።

7. ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው

ሥራ ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ያሂዱ፦

```
journalctl -b -1 -e
journalctl -b -k | grep -iE 'ext4|ata|nvme|I/O error'
sudo smartctl -a /dev/sda
sudo smartctl -a /dev/sdb
```

የመጀመሪያው ከመድረቁ በፊት የተመዘገበውን የመጨረሻ ገጽ ያሳያል። ሁለተኛው አሁን ሲነሳ የሆነውን፤ ኤክስት4 `recovery complete` ካለ ጆርናሉ ተነብቦ አልቋል፣ ይህ የሚጠበቅና ጤናማ መልእክት ነው። በ`smartctl` ውጤት ላይ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ቁጥር 192ን ይዩ፤ ክንዱ በድንገት ስንቴ እንደተመለሰ የሚቆጥር ስለሆነ በአንድ ቢጨምር አያስደነግጥም። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ `Unsafe Shutdowns` የሚለው ያንኑ ይቆጥራል። ቁጥር 197 ግን የማይነበቡ ሴክተሮችን ነው የሚቆጥረው፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩን አይመኑት።

ወደ አዳማው ምሽት እንመለስ። ማሽኑ በአራት ደቂቃ ተነስቷል፣ ፖስትግሬስም የራሱን መዝገብ አንብቦ ሥራ ጀምሯል። ችግሩ የተፈታ ይመስላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን ከመድረቁ በፊት `blocked for more than 120 seconds` የሚል መስመር ደጋግሞ ያሳያል፤ አብሮትም የ`sdb` ማለትም የካሜራው ሃርድ ዲስክ የንባብ ስህተት አለ። `smartctl` 197 ላይ 8 ይላል። አሁን ታሪኩ ተገለበጠ፦ ዲስኩን የጎዳው መቁረጡ ላይሆን ይችላል፤ ማሽኑን ያደረቀው የታመመው ዲስክ ነው። ዳግም መነሳቱ ምልክቱን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። ነገም ይደርቃል፣ እርስዎም ነገ እንደገና ይቆርጣሉ፣ ዲስኩም አንድ ቀን ቆሞ አይነሳም።

ስለዚህ የዚያ ምሽት ቀጣይ ሥራ የሚፈለገውን ቅጂ ከ`sdb` ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ ካሜራው እዚያ መጻፉን እንዲያቆም ማድረግ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ዲስኩን መቀየር ነው። የጥገና ፍተሻ ከመገልበጡ በፊት አያስኬዱ፤ ለታመመ ዲስክ ተጨማሪ ጫና ነው።

8. ሶኬቱን ብዙ የሚጠቀሙበት ከሆነ

በወር ከአንዴ በላይ መቁረጥ ካስፈለገዎ ሶኬቱ መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ የችግሩ መሸፈኛ ሆኗል። መነሻውን በሎጉ እየፈለጉ ሳሉ፣ በመሃል የሚያሳርፍ ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ኮምፒውተሮች ዋችዶግ የሚባል የሃርድዌር ቆጣሪ አላቸው፤ ሲስተሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ማሽኑን ዳግም ያስነሳል። በ`/etc/systemd/system.conf` ውስጥ ይህን ያድርጉ፣ ከዚያም ማሽኑን በሥርዓት ዳግም ያስነሱት፦

```
RuntimeWatchdogSec=30s
```

ይህም ድንገተኛ ነው፤ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ይጠፋል። ነገር ግን የዲስኩን ኃይል ስለማይነካ የኤስኤስዲው ካርታም የሃርድ ዲስኩ ሴክተርም በመሃል አይቆረጡም። አንድ ወሰን ግን አለው፤ ዋናው ሲስተም «አለሁ» እያለ ዲስኩ ብቻ ከተጣበቀ፣ እንደ አዳማው፣ ዋችዶጉ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ወደ ሶኬቱ ይመለሳሉ፤ ከ15 ደቂቃ ጥበቃ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዳታው ግልባጭም ሌላ ቦታ መኖሩን አረጋግጠው።